የሚዛን ነጥቦችን በትሬስና በዲተርሚናንት መለየት ምንድን ነው?

ግድግዳ ላይ በተመታ ምስማር ዙሪያ የሚሽከረከር፣ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ቀላል ዘንግ ያለ እንቅስቃሴ ሊቆይባቸው የሚችሉ ሁለት ቦታዎች አሉት። አንደኛው ብረቱ ቁልቁል የሚንጠለጠልበት ሲሆን ሁለተኛው ዘንጉ ሽቅብ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ነው። ሁለቱም የሚዛን ነጥቦች ይባላሉ፤ በጣት ጫፍ ነካ ሲደረጉ ግን የሚሆኑት ፈጽሞ የተለያየ ነው። ይህን ጠባይ እኩልታውን ሳንፈታ ከሁለት ቁጥሮች ብቻ ማወቅ እንችላለን።

የዘንጉን ማዕዘን ከታችኛው ቦታ ጀምረን በ x፣ የማዕዘኑን የለውጥ ፍጥነት ደግሞ በ y ብንጠራ እንቅስቃሴው እንዲህ ይጻፋል፦

```
x' = y
y' = -k sin x - b y
```

እዚህ ላይ k የስበት ፍጥንጥነት ለዘንጉ ርዝመት ተካፍሎ የሚገኝ ሲሆን b የሰበቃው መጠን ነው። ርዝመቱን 2.45 ሜትር ብናደርገው 9.8 ለ2.45 ተካፍሎ k = 4 ይሆንልናል። x አግድም፣ y ሽቅብ የሚለካበት ሜዳ ፌዝ ፕሌን ይባላል፤ የዘንጉ ሁኔታ በየቅጽበቱ በሜዳው ላይ አንድ ነጥብ ስለሆነ፣ እንቅስቃሴው ሁሉ በአንድ መስመር ይሳላል።

ከታችኛው ነጥብ አጠገብ sin x ከ x ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ያን ጊዜ እኩልታዎቹ የመጀመሪያ ረድፉ 0 እና 1፣ ሁለተኛው ረድፉ -4 እና -b የሆነ ማትሪክስ ይሰጡናል። ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ የሚወርዱት ቁጥሮች ድምር ትሬስ ይባላል፤ እርሱም T = -b ነው። ዲተርሚናንቱ ደግሞ D = 0·(-b) - 1·(-4) = 4 ነው።

እነዚህ ሁለቱ የሚበቁበት ምክንያት የማትሪክሱ አይገንቫልዩዎች የሚገኙት λ² - Tλ + D = 0 ከሚለው እኩልታ በመሆኑ ነው፤ የሁለቱ ሥሮች ድምር T፣ ብዜታቸው D ነው። እያንዳንዱ ሥር ከነጥቡ የመራቅ ወይም ወደ ነጥቡ የመቅረብ ፍጥነት ነውና፣ D ኔጌቲቭ ከሆነ አንዱ ሥር ያርቃል፣ ሌላው ያቀርባል፤ ይህ ኮርቻ ነው፤ የ T ምልክትም አያድነውም። D ፖዘቲቭ ሲሆን ግን T² - 4D ይጠየቃል፦ ከዜሮ ከበለጠ መስመሮቹ ሳይዞሩ የሚገቡበት ወይም የሚወጡበት ኖድ፣ ካነሰ እየዞሩ የሚሄዱበት ጥምዝምዝ ይሆናል። መግባትና መውጣቱን የሚወስነው የ T ምልክት ነው፤ ኔጌቲቭ ከሆነ መስመሮቹ ይገባሉ። T ልክ ዜሮ ሲሆን ደግሞ መስመሮቹ ተዘግተው ነጥቡን ይዞራሉ፤ ነጥቡም ማዕከል ይባላል።

b = 0.4 እንበል። T² - 4D = 0.16 - 16 ከዜሮ በታች ስለሆነ ጥምዝምዝ ነው፤ አንድ ዙር 3.16 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ የመወዛወዙ ስፋትም በአንድ ዙር ወደ ግማሽ ግድም ይወርዳል። ዘንጉን ወፍራም ዘይት ውስጥ ነክረን b = 5 ብናደርገው 25 - 16 = 9 ይሆናል፤ ሥሮቹ -1 እና -4 ናቸው፣ ዘንጉም መወዛወዙን ትቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ይህ ኖድ ነው። ላይኛው ነጥብ ዘንድ የሳይን ምልክት ስለሚገለበጥ D = -4 ይሆናል፤ ሰበቃው የፈለገውን ያህል ቢሆን ኮርቻነቱ አይለወጥም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ማዕከሉ ላይ ነው። በ b = 0 ታችኛው ነጥብ በእርግጥም ማዕከል ነው፤ ይህን የምናረጋግጠው ግን ኃይል ስለማይባክን እንጂ T ዜሮ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሰበቃውን በአየር መቋቋም ብንተካውና - b y በሚለው ፈንታ - c y|y| ብንጽፍ፣ የዚህ ቃል ለውጥ በ y = 0 ላይ ዜሮ ስለሆነ ማትሪክሱ ቅንጣት አይለወጥም፤ T = 0፣ D = 4 እንዳሉ ናቸው። ዘንጉ ግን ኃይሉን እያጣ ይጠመዘዛል። ኮርቻ፣ ኖድና ጥምዝምዝ ከድንበራቸው ርቀው እስካሉ ድረስ በዚህ መንገድ አያታልሉም፤ ማዕከል ግን ድንበሩ ራሱ ስለሆነ ትንሽ ነገር ያፈርሰዋል።

ኮምፒውተርም ያፈርሰዋል። x' = y፣ y' = -4x የሚለውን ንጹህ ማዕከል እያንዳንዱን እርምጃ በመነሻው ፍጥነት ቀጥ አድርጎ በሚያስኬደው በኦይለር ዘዴ፣ በ0.1 ሰከንድ እርምጃ ያሰላ ሰው መስመሩ በአንድ ዙር ከ1.8 እጥፍ በላይ ሰፍቶ ያየዋል፤ የማያውቅም ነጥቡን የሚወጣ ጥምዝምዝ ነው ብሎ ይመዘግባል። እርምጃውን ወደ 0.05 ቢያሳንሰው መስፋቱ ወደ 1.37 እጥፍ ገደማ ስለሚወርድ፣ ስህተቱ ከዘዴው እንጂ ከእኩልታው እንዳልመጣ ይገለጥለታል።