የፒርሰንና የስፒርማን ተዛምዶ፦ በወሎ ማሽላና ወባ ምሳሌ

ተዛምዶ ሁለት ተለዋዋጮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ከ-1 እስከ +1 ባለ ቁጥር የሚገልጽ የስታቲስቲክስ መለኪያ ነው። በብዛት የሚሠራባቸው ሁለቱ በካርል ፒርሰንና በቻርልስ ስፒርማን ስም ይጠራሉ፤ ሁለቱም እንግሊዛውያን ሲሆኑ ስፒርማን የራሱን ዘዴ ያቀረበው በ1904 እ.ኤ.አ. ነበር። የፒርሰኑ መለኪያ ነጥቦቹ ለአንድ ቀጥተኛ መስመር ምን ያህል እንደሚቀርቡ ይለካል። የስፒርማኑ ደግሞ ቁጥሮቹን ትቶ ቅደም ተከተላቸውን ብቻ ይመለከታል።

ልዩነቱ በወሎ የመሬት አቀማመጥ ላይ በግልጽ ይታያል። ከደሴ ደጋ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ቆቦ ሜዳ ሲወረድ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ገብሱ ለጤፍና ለማሽላ ቦታውን ይለቃል፤ ወባም ይበዛል። ለስሌት እንዲመች አምስት ምናባዊ ቀበሌዎችን እንውሰድ። በማሽላ የተሸፈነው የእርሻ መሬታቸው በቅደም ተከተል 10፣ 20፣ 30፣ 40 እና 50 በመቶ ነው፤ ከ1,000 ነዋሪ በዓመት በወባ የታመሙት ደግሞ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 60 ናቸው።

የፒርሰንን ለማግኘት እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ ያለው ርቀት ይወሰዳል። የማሽላው አማካይ 30፣ የወባው 15 ነው። በየቀበሌው ሁለቱ ርቀቶች ተባዝተው ሲደመሩ 1,240 ይመጣል። የማሽላው ርቀቶች ካሬ ድምር 1,000፣ የወባው 2,560 ነው፤ የሁለቱ ብዜት ካሬ ሥር 1,600 ይሆናል። 1,240 ለ1,600 ሲካፈል ውጤቱ 0.775 ነው።

በስፒርማን ስሌት ግን ማሽላውም ወባውም ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸዋል። በማሽላ አንደኛ የሆነው ቀበሌ በወባም አንደኛ ነው፤ እስከ አምስተኛው ድረስ የደረጃ ልዩነት የለም፤ ስለዚህ ውጤቱ በትክክል 1 ነው። ሁለት ቀበሌዎች እኩል ቁጥር ቢኖራቸው የደረጃቸውን አማካይ ይካፈላሉ፤ ከዚያም የፒርሰን ስሌት በደረጃዎቹ ላይ ይሠራል።

ታዲያ የትኛው ልክ ነው? ሁለቱም የተጠየቁትን መልሰዋል። 0.775 የሚለው ግንኙነቱ ቀጥተኛ መስመር አለመሆኑን ነው፤ 1 የሚለው ደግሞ ወደ ላይ መውጣቱ አለመቋረጡን ነው። አምስተኛው ቀበሌ ቢወጣ የፒርሰን ውጤት ወደ 0.96 ገደማ ያድጋል፤ አንድ ሩቅ ነጥብ መለኪያውን ምን ያህል እንደሚያናውጠው ከዚህ ይታያል። ስፒርማን በዚህ አይናወጥም፤ ነገር ግን ጽናቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ በአምስተኛው ቀበሌ ከ1,000 ሰው 60 ሳይሆን 600 ቢታመም ኖሮም ያው 1 ይል ነበር። ለጤና ባለሙያ ደግሞ ይህ ልዩነት ዋናው ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከሁለቱም በፊት ነጥቦቹን በግራፍ ላይ አስቀምጦ ማየት ይገባል።

ውጤቱ 1 ቢሆንም ማሽላ ወባ ያመጣል ማለት አይደለም። ሁለቱንም የሚገዛ ሦስተኛ ነገር ከጀርባ አለ፤ እሱም የቦታው ከፍታ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ገዳዩ የወባ ዓይነት፣ ፋልሲፓረም፣ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ18 ዲግሪ በታች እድገቱ እጅግ ስለሚዘገይ ትንኟ አብዛኛውን ጊዜ ጥገኛው ሳይደርስ ትሞታለች። ማሽላም በብርድ ስለማይሆን ገበሬው በቆላ ይዘራዋል። በቆላው ያለው ማሽላ ሁሉ በሌላ ሰብል ቢተካ እንኳ የቦታው ሙቀት ያው ነው።

ይህን ለመፈተሽ በተቀራራቢ ከፍታ ላይ ያሉ፣ ግን የማሽላ ድርሻቸው የተለያየ ቀበሌዎች ይነጻጸራሉ። ተዛምዶው በዚህ ጊዜ ከጠፋ የከፍታ ጥላ ነበር ማለት ነው። ካልጠፋ ሌላ ማብራሪያ መፈለግ አለበት፤ ለምሳሌ መስኖ፣ የአጎበር ሥርጭት፣ ወይም ሰብሉን ለመጠበቅ ሌሊት ማሳ ላይ የሚያድሩ ሰዎች ብዛት። በቀበሌ ደረጃ የተገኘ ቁጥር ስለ ግለሰብ እንደማይናገርም መዘንጋት የለበትም፤ በዚያው ቀበሌ የሚታመመው ማሽላ የማይዘራው ቤተሰብ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሲባል በሰብልና በወባ መካከል እውነተኛ ግንኙነት ሊኖር አይችልም ማለት አይደለም። በጎጃም ቡሬ አካባቢ ተመራማሪዎች በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቦታዎች ወባ ከፍ ብሎ አግኝተዋል። ጉዳዩን ያጠናከረው ግን የተዛምዶው ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ የአኖፌለስ ትንኝ እጮች ውኃ ላይ የሚረግፈውን የበቆሎ አበባ ብናኝ እንደሚመገቡ፣ ብናኙን ያገኙትም በተሻለ ሁኔታ አድገው ወደ ትንኝነት እንደሚለወጡ በሙከራ መታየቱ ነው። ስለ ማሽላም ተመሳሳይ ነገር ለማለት እንዲህ ያለ የአሠራር መንገድ መታየት ይኖርበታል።