ያገለገለ ዕቃ ከቤት መሸጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፍሪጁን የዛሬ አምስት ዓመት በ18 ሺህ ብር ነው የገዛሁት። ሁለት ሺህ ቀንሼ ልሽጠው።»

የድሮ ደረሰኝ የዛሬን ገበያ አያሳይም። በተለይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል። መነሻዎ ያው ዓይነት ፍሪጅ ዛሬ ሱቅ ውስጥ አዲሱ የሚሸጥበት ዋጋ ይሁን። 48 ሺህ ነው እንበል። የእርስዎ ዋስትና የለውም፣ አምስት ዓመት ሠርቷል፣ ገዢው የጭነትና የወዛደር ይከፍላል። በደንብ የሚያቀዘቅዝ ከሆነ የአዲሱ ግማሽ፣ 24 ሺህ፣ ለሁለታችሁም ተገቢ ይመስለኛል። ለድርድር 26 ብለው ይጀምሩ፤ ከ22 እንደማይወርዱ ግን ቀድመው ይወስኑ።

ይህ ግማሽ ለሁሉም ዕቃ አይሠራም። ስልክ ባትሪው ስለሚደክምና አዲስ ሞዴል ስለሚመጣ ቶሎ ይወርዳል። የጣውላ አልጋ ዋጋውን ይይዛል። የቺፑድ ቁምሳጥን ግን አንዴ ተፈታቶ ሲገጠም የብሎን ቀዳዳዎቹ ይላላሉ፤ ገዢም ይህን ያውቃል።

ቴሌግራም ላይ የሌሎችን ዋጋ ማየትም ጥሩ ነው። ግን የተጠየቀ እንጂ የተሸጠበት ዋጋ አይደለም። ለሳምንታት ያልተነሳ ማስታወቂያ ካዩ፣ በዚያ ዋጋ የገዛ የለም ማለት ሊሆን ይችላል።

«እንከኑን ከተናገርኩ ማን ይገዛኛል?»

የፍሪጁን በር ወረቀት አስገብተው ይዝጉትና ወረቀቱን ይሳቡት። ሳይይዝ ሙልጭ ብሎ ከወጣ የበሩ ጎማ ላልቷል። ገዢው ራሱ ካገኘው «ሌላስ ምን ተደብቋል?» ብሎ አምስት ሺህ ያስቀንስዎታል። ጠጋኝ ጎማውን በስንት እንደሚቀይር ይጠይቁ። ሁለት ሺህ ካለ፣ ያንኑ ቀንሰው ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ይጻፉት። ገዢው በሚመጣበት ቀንም ከጠዋት ጀምረው ይሰኩት፤ በረዶ መሥራቱን በዓይኑ ይይ።

«ልብስ ማን ይገዛል? ለልዋጭ ልስጠው።»

ያለቀ ልብስ ከሆነ ይስጡት። አንዴ የተለበሰ ሱፍ ወይም የሀበሻ ቀሚስ ግን በሳፋ አይለወጥም። አጥበው፣ ተኩሰው፣ በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሱት። የትከሻውንና የቁመቱን ልክ በሳንቲሜትር ይጻፉ፤ «ልኩ ስንት ነው?» እያለ የሚደውል ይቀንስልዎታል።

«ስልኩን ፎርማት ካደረግኩት አለቀ።»

አካውንትዎን ሳያወጡ በቁልፎቹ ፎርማት ካደረጉት፣ ስልኩ ሲከፈት የእርስዎን የጉግል ኢሜልና የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል። ገዢው ተቆልፎበት ይመለሳል። መጀመሪያ ሴቲንግ ገብተው አካውንቱን ያውጡ፤ አይፎን ከሆነ ከአይክላውድ ይውጡ። ከዚያ ፎርማት ያድርጉት፣ ሲምና ሚሞሪውንም ያውጡ።

«ብር የላከበትን ስክሪንሾት አሳይቶኛል።»

ስክሪንሾትም ሆነ አጭር መልእክት በቀላሉ ይሠራል። ስልክዎ ላይ የራስዎን የባንክ ወይም የቴሌብር መተግበሪያ ከፍተው ሂሳብዎ መጨመሩን ካላዩ፣ ዕቃው ከበር አይውጣ።