ነጭ መብራት፣ ቢጫ መብራት እና የኬልቪን ጉዳይ

«ነጩ አምፖል ከቢጫው የበለጠ ያበራል»

ይህን በየቤቱ መሰላል ላይ ቆሜ የማልሰማበት ሳምንት የለም። የብርሃን መጠን የሚለካው በሉመን ነው። ኬልቪን የሚናገረው ስለ ብርሃኑ ቀለም ብቻ ነው። 2700 ኬልቪን ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃን ሲሆን፣ ካርቶኑ ላይ «ዋርም ኋይት» ይባላል። 4000 አካባቢ ያለው ቢጫነቱም ሰማያዊነቱም የማይጎላ ነጭ ነው። 6500 ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ ነው፤ አንዳንዱ አምራች «ኩል ኋይት»፣ ሌላው «ዴይላይት» ይለዋል። ስሙ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ቁጥሩን ማየት ይሻላል።

አንድ ደንበኛዬ የሳሎኑን ቢጫ አምፖል አውጥቶ ነጭ ካስገባ በኋላ «ይኸው፣ ቤቱ በራ! አንተ ግን ልዩነት የለውም ትለኛለህ» አለኝ። ሁለቱን ካርቶኖች እንዲያመጣልኝ ጠየቅሁት። አሮጌው 9 ዋት እና 806 ሉመን፣ አዲሱ 11 ዋት እና 1055 ሉመን ይላል። ቤቱን ያበራው ሲሶ ያህል የጨመረው ሉመን ነው፤ የቀለሙ አስተዋጽኦ ትንሽ ነው። የቀለሙ ሥራ ሌላ ቦታ ይታይ ነበር፦ ክሬም የተቀባው ግድግዳ ኖራ መስሏል፣ ቡናማው ሶፋ ደብዝዟል፣ የተቀመጡት ሰዎች ፊት አመድ መስሏል። በምትኩ 1055 ሉመን ያለው 2700 ኬልቪን አምፖል ሰቀልሁለት። ብርሃኑ ሳይጎድል ግድግዳው ወደ ክሬምነቱ ተመለሰ። ነጩን ወደ ወጥ ቤት ወሰደው፤ ሽንኩርት ለሚከተፍበት ቦታ ግን ተገቢ ነው።

እርግጥ ነው፣ እምነቱ ሙሉ በሙሉ ከሜዳ አልመጣም። ሉመናቸው እኩል የሆነ ሁለት አምፖሎች ጎን ለጎን ሲበሩ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ለዓይን ትንሽ የደመቀ ይመስላል። ከዚህም ሌላ፣ ኤልኢዲ አምፖል ውስጥ ያለችው ቁራጭ በመሠረቱ የምታወጣው ሰማያዊ ብርሃን ነው። በላይዋ የተቀባው ፎስፈር የሚባል ቢጫ ንጥረ ነገር የብርሃኑን ከፊል ወደ ቢጫ እና ቀይ ይለውጠዋል። ቀለሙ የበለጠ ቢጫ እንዲሆን ብዙ መለወጥ ያስፈልጋል፤ በመለወጡም ሂደት ጥቂት ብርሃን ይባክናል። ስለዚህ በአንድ አምራች እኩል ዋት ካላቸው አምፖሎች መካከል ቢጫው በሉመን ትንሽ ሊያንስ ይችላል። ያን ልዩነት ግን ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ በዓይን የሚለይ ሰው አላየሁም።

«ቢጫው ቆጣሪ ይበላል»

የሚበላው ዋት ነው። 9 ዋት በየትኛውም ቀለም 9 ዋት ነው። ይህ ወሬ የተረፈው ሽቦው ግሎ ከሚያበራው ከአሮጌው አምፖል ዘመን ነው፤ እሱ 806 ሉመን ለመስጠት 60 ዋት ያህል ይፈልግ ነበር፣ ቀለሙም ቢጫ ነበር።

«የኬልቪን ቁጥሩ ከፍ ሲል አምፖሉ ይግላል»

አይግልም። ብረት ከሰል ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይቢጫል፣ እየጋለ ሲሄድ ወደ ነጭ ይጠጋል። ኬልቪን የተወሰደው ከዚህ ዓይነቱ ቅደም ተከተል ነው፤ ከዚያም በላይ እጅግ የጋለ አካል ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ለዚህም ነው ትልቁ ቁጥር ለዓይን «ቀዝቃዛ» የሚመስለው። በአሮጌው አምፖል ውስጥ ሽቦው በእርግጥ ወደ 2700 ኬልቪን ይግል ነበር። በኤልኢዲ ግን ቁጥሩ «ብርሃኔ ይህን ያህል የጋለ አካል ከሚያወጣው ጋር ይመሳሰላል» ማለት ብቻ ነው። «ዋርም» ስለተባለም ክፍል አያሞቅም።

«ዴይላይት ከተባለ የጨርቅ ቀለም በትክክል ያሳያል»

ይህ የልብስ ሱቅ ባለቤቶች እምነት ነው። ቀለምን በትክክል የማሳየት ችሎታ ሌላ መለኪያ አለው፤ «ሲአርአይ» ይባላል፣ ጣሪያው 100 ነው። 6500 ኬልቪን ሆኖ ሲአርአዩ ዝቅ ያለ አምፖል ብዙ አለ፤ በተለይ ቀዩን ጨርቅ ያጠወልገዋል። ደንበኛ ጥለቱን ይዞ በር ላይ ወጥቶ የሚያየው ወዶ አይደለም።

ረጅሙ የፍሎረሰንት መብራት ጫፍ ላይ 865 ወይም 827 የሚል ቁጥር ታትሞ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው 8 ሲአርአዩ በ80ዎቹ ውስጥ መሆኑን ይናገራል፤ የቀሩት ሁለቱ አኃዞች ኬልቪኑን በመቶ ያሳጥሩታል፦ 65 ማለት 6500፣ 27 ማለት 2700። በብዙ የኤልኢዲ ካርቶኖችም ላይ ይኸው አጻጻፍ አለ። ለጨርቅ ሱቅ የመጀመሪያው አኃዝ 9 የሆነውን ፈልጉ፤ 940 ካገኛችሁ ጥሩ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ከሦስቱ አምፖሎች አንዱ ሲቃጠል ደግሞ የቀሩትን ቁጥር ሳታነቡ ወደ ሱቅ አትሂዱ። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ የሆነ ጣሪያ አይቼ ስንት ጊዜ መልሼ መሰላል አውጥቻለሁ።