የናሙና መጠን ማካካሻ፦ ምላሽ ለማይሰጡና ለሚያቋርጡ ሰዎች

በቀመር የሚሰላው የናሙና መጠን የሚነግረን በመጨረሻ ለትንተና መቅረብ ያለበትን የተሟላ መጠይቅ ብዛት ነው። መረጃ ሰብሳቢው ግን ከሚሄድባቸው ቤቶች አንዳንዱ ዝግ ይሆንበታል፤ ፈቃደኛ የማይሆን ሰው ይኖራል፤ መጠይቁን ጀምሮ የሚያቋርጥም አይጠፋም። ስለዚህ ጉድለቱ አስቀድሞ ይገመትና ከቀመሩ ውጤት በላይ ሰው ይመረጣል።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የጤና ጥናት ፕሮፖዛሎችን የሚያነብ ሰው 422፣ 423 ወይም 424 የሚሉትን ቁጥሮች ደጋግሞ ያገኛቸዋል። መነሻቸው አንድ ነው። ምጣኔው 50%፣ የስህተት ህዳጉ 5%፣ የመተማመኛ ደረጃው 95% ሲሆን፦

```
n = 1.96² × 0.5 × 0.5 / 0.05² = 384.16
```

ይህ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 385 ይሆናል። ከዚያ «10% ምላሽ ለማይሰጡ» ተብሎ ይታከልበትና 424 ይደርሳል፤ የአጠጋጉ ልዩነት ነው ቁጥሩን አንዳንዴ 422 ወይም 423 የሚያደርገው። ችግሩ ያለው መደመሩ ላይ ነው። ከ424 ሰዎች 10% ቢጎድሉ የሚቀሩት 382 ገደማ ናቸው፤ 385 አልሞላም። የሚጎድለው 10% የሚታሰበው ከተመረጡት ሁሉ እንጂ ከ385ቱ ብቻ አይደለምና። ትክክለኛው መንገድ ይመልሳሉ ተብሎ ለሚጠበቁት ድርሻ ማካፈል ነው፦

```
385 / (1 - 0.10) = 427.8 → 428
```

በ10% ላይ ልዩነቱ አራት ሰው ብቻ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። የሚጠበቀው ጉድለት 30% ሲሆን ግን መደመር 501 ሲሰጥ ማካፈል 550 ይሰጣል። በ501 የጀመረ ጥናት 351 ያህል መጠይቅ ይዞ ይጨርሳል፤ የተፈለገውን የስህተት ህዳግም አያሟላም።

የስሌቱ ቅደም ተከተልም ለውጥ ያመጣል። የጥናቱ ሕዝብ 1,500 ብቻ ከሆነ ለአነስተኛ ሕዝብ የሚደረገው ማስተካከያ ይቀድማል፤ 384.16 ወደ 306 ይወርዳል፤ ከዚያ ለ0.9 ተካፍሎ 340 ይሆናል። ማካካሻው ቀድሞ 428 ላይ ከተደረሰ በኋላ ማስተካከያው ቢሠራ 333 ይወጣል፤ ከዚህ 10% ሲጎድል 300 ያህል ይቀራል። የጉድለት ማካካሻ ሁልጊዜ የመጨረሻው እርምጃ መሆን አለበት።

10% የሚለው ራሱ ብዙ ጊዜ ከልማድ የሚመጣ ነው። የ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ለምን እንደማይበቃ በግልጽ ያሳያል። ከተመረጡት 18,008 ቤተሰቦች ሰው የተገኘባቸው 17,067፣ መጠይቁን ያጠናቀቁት 16,650 ነበሩ። የተዘገበው የቤተሰብ ምላሽ 98% ቢሆንም የሚሰላው ሰው ከተገኘባቸው ቤቶች ነው፤ ከተመረጡት ሁሉ ሲታሰብ 92% ገደማ ይሆናል። ቀጥሎ ብቁ ከሆኑት ሴቶች 95%፣ ከወንዶች ግን 86% ብቻ ተጠይቀዋል። ለወንዶች የሚያቅድ ሰው ሁለቱን ደረጃዎች ማባዛት አለበት፤ 0.92 × 0.86 ወደ 0.79 ይመጣል። ይህም 21% ጉድለት ነው። ከብሔራዊ ዳሰሳ ይልቅ በተመሳሳይ አካባቢና በተመሳሳይ አጠያየቅ የተሠራ ጥናት ወይም ቅድመ ሙከራ የተሻለ ግምት ይሰጣል።

በክትትል ጥናት ጉድለቱ በየዙሩ ይደራረባል። በየዙሩ ካሉት 8% የሚጠፉ ከሆነ ከሦስት ዙር በኋላ የሚቀረው 0.92³፣ ማለትም 78% ገደማ ነው፤ የመነሻው ቁጥር የሚካፈለውም ለ0.78 ነው። ከሕክምና ሙከራ የሚጠፋ ሰውና መድኃኒቱን አቁሞ ክትትሉን የሚቀጥል ሰው ግን አንድ አይደሉም። ሁለተኛው መረጃው አለ፤ ነገር ግን በቡድኖቹ መካከል የሚታየውን ልዩነት ያሳንሰዋል። ስለዚህ ለእሱ የሚያስፈልገው ጭማሪ ከዚህ ማካፈል ይበልጣል።

ማካካሻው የሚመልሰው የቁጥር ጉድለትን እንጂ መዛባትን አይደለም፤ ይህ በጣም የሚዘነጋ ነገር ነው። ከተመረጡት 70% መለሱ፣ ከእነሱም 20% ሕመሙ አለባቸው እንበል። ካልመለሱት 30% ውስጥ ሕመሙ ያለባቸው 40% ቢሆኑ እውነተኛው ምጣኔ 26% ነው። ናሙናው 550 ቢሆንም 5,500 ቢሆንም ጥናቱ የሚያገኘው ወደ 20% የቀረበ ቁጥር ነው፤ የናሙናው ማደግ የሚያጠበው በተሳሳተው ቁጥር ዙሪያ ያለውን የመተማመኛ ክልል ነው።

በመስክ ላይ ይህን መዛባት የሚያባብሱ ሁለት ልማዶች አሉ። አንደኛው 385 ሲሞላ ሥራውን ማቆም ነው፤ ያን ጊዜ በናሙናው የሚገቡት በቀላሉ የተገኙት ብቻ ይሆናሉ። 428ቱም ሊፈለጉ ይገባል። ሁለተኛው ዝግ ቤት ሲያጋጥም ጎረቤቱን መተካት ነው፤ ቀን ቀን ሥራ የሚውለው ሰው በዚህ መንገድ ከጥናቱ ይወጣል። በሌላ ሰዓትና በሌላ ቀን ተመልሶ መሞከር፣ በእያንዳንዱ ቤት ላይም «ዝግ»፣ «ፈቃደኛ አይደለም» ወይም «አቋረጠ» ብሎ መመዝገብ ያስፈልጋል። ምላሹ ከ428 ስንት እንደሆነ ማስላት የሚቻለውም ከዚህ መዝገብ ነው።