በነፃ የሚዳቀል፣ ዲቃላ እና ልውጠ ሕያው ዘር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የበቆሎ ዘር ሊገዛ የወጣ ገበሬ ሦስት ዓይነት ዘር እንዳለ ይነገረዋል፤ በነፃ የሚዳቀል፣ ዲቃላ እና ልውጠ ሕያው። ሦስቱ ግን በአንድ መስፈርት የተከፈሉ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዘሩ ከምን ዓይነት ወላጆች እንደ ተገኘ የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው የሚያመለክተው በቤተ ሙከራ የገባ ዘረመል በዘሩ ውስጥ መኖሩን ነው። ስለዚህ አንድ ልውጠ ሕያው ዘር ዲቃላም፣ በነፃ የሚዳቀልም ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይለይ ሲቀር በከረጢት ታሽጎ የሚሸጥ ምርጥ ዘር ሁሉ «የተለወጠ» ይመስላል፤ ነገር ግን በአገራችን በስፋት የሚዘሩት ቢኤች 660፣ ቢኤች 661፣ ሊሙና ሾኔ በሙሉ በተራ ማዳቀል የተገኙ ዲቃሎች ናቸው።

በቆሎ ወንዴ አበባውን በአገዳው ጫፍ ላይ፣ ሴቴ አበባውን ደግሞ በአገዳው መካከል በሚወጣው ራስ ላይ ለይቶ ያወጣል። ብናኙን ነፋስ እየወሰደ በሌላው ተክል ጸጉር ላይ ስለሚያሳርፈው፣ በአንድ ራስ ላይ ያሉት ፍሬዎች እናታቸው አንድ ብትሆንም አባቶቻቸው ብዙ ናቸው። በነፃ የሚዳቀል ዝርያ የምንለው እንዲህ በማሳው ውስጥ እርስ በርሱ ሲዳቀል የኖረና ጠባዩ በአጠቃላይ የተረጋጋ ዝርያ ነው፤ መልካሳ 1፣ መልካሳ 2 እና ጊቤ 1 ከዚህ ወገን ናቸው። ተክሎቹ በቁመትም በአበባ ጊዜም ጥቂት ይለያያሉ፤ ሆኖም የዘንድሮው ምርት ለከርሞ ቢዘራ የሚበቅለው ያው ዝርያ ነው።

ዲቃላ ዘር የሚዘጋጀው በሌላ መንገድ ነው። አዳቃዮች በመጀመሪያ በቆሎውን ለብዙ ትውልድ በራሱ ብናኝ ብቻ እያዳቀሉ የጠሩ ወላጆችን ያወጣሉ። እነዚህ ወላጆች ደካማና ምርታቸው ዝቅተኛ ቢሆንም፣ ሁለት የማይዛመዱ ሲዳቀሉ የሚወለደው ተክል ከሁለቱም እጅግ የበረታ ይሆናል። ቢኤች 540 ከሁለት ወላጆች የተገኘ ሲሆን፣ ቢኤች 660ና ቢኤች 661 ከሦስት ወላጆች የተገኙ ናቸው። ይህ ብርታት ግን ሙሉ በሙሉ የሚገኘው በመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ነው። ገበሬው ከዲቃላው ማሳ የሰበሰበውን መልሶ ሲዘራ፣ ዘረመሉ በዘፈቀደ ተከፋፍሎ ደካማውም ብርቱውም በአንድ ማሳ ላይ ይወጣል።

የሚቀረው ምን ያህል እንደሆነ በግምት ማስላት ይቻላል። ከሁለት ወላጆች በተገኘ ዲቃላ ሁለተኛው ትውልድ የብርታቱን ግማሽ ያህል ያጣል፤ ከሦስት ወላጆች በተገኘው ደግሞ ሲሶውን። ለምሳሌ ዲቃላው በሄክታር 60 ኩንታል የሚሰጥ፣ ወላጆቹ ደግሞ በአማካይ 20 ኩንታል የሚሰጡ ቢሆኑ፣ ከማዳቀሉ የተገኘው ትርፍ 40 ኩንታል ነው። የሁለት ወላጆቹ ዲቃላ ተመልሶ ሲዘራ ወደ 40 ኩንታል፣ የሦስት ወላጆቹ ወደ 47 ኩንታል ይወርዳል ማለት ነው፤ ማሳው፣ ማዳበሪያውና ድካሙ ግን ያው ነው። ምልክቱም ከመኸር በፊት ይታያል፤ አንዱ ረጅም አንዱ ድንክ ይሆናል፣ አበባው በአንድ ሳምንት አይወጣም፣ ራሶቹም ትልቅና ትንሽ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግረው የጤፍ ጉዳይ ነው። በደብረ ዘይት የወጣው ቁንጮ ጤፍ ሁለት ዝርያዎችን በማዳቀል የተገኘ ቢሆንም ዲቃላ ዘር አይደለም። ጤፍና ስንዴ ከሞላ ጎደል ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ፣ ከተዳቀሉ በኋላ ለበርካታ ትውልድ ተመርጠው ጠባያቸው ጸንቷል፤ ንጽሕናው ከተጠበቀ ገበሬው ዘሩን ለዓመታት መያዝ ይችላል።

በነፃ ከሚዳቀል በቆሎ ዘር ለመያዝ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለግማሽ ሄክታር 12.5 ኪሎ ግራም ዘር ስለሚበቃ፣ ከ200 ያላነሱ ራሶችን መምረጥ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ቁጥሩ የሚበዛው ለመጠኑ ብቻ አይደለም፤ ከጥቂት ራሶች ብቻ የተወሰደ ዘር በቅርብ ዘመዳሞች መዳቀል የተነሳ ዓመት በዓመት ይደክማል። ምርጫው ተክሉ ቆሞ ሳለ በማሳው ላይ ይሁን፤ ከጎተራ ትልቁን ራስ ብቻ የሚያነሳ ሰው ተክሉ ወድቆ እንደነበረ ወይም ዘግይቶ እንደ ደረሰ አያውቅም። የጎረቤት ብናኝ እንዳይገባበትም የ200 ሜትር ርቀት ይመከራል፤ ግማሽ ሄክታር ባለው ሰው ማሳ ይህ የማይቻል ስለሆነ፣ ከዳር ያለውን ትቶ ከመካከል መምረጥና በየሦስት ዓመቱ ገደማ አዲስ ዘር መግዛት ይሻላል። ከመዝራት በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማብቀል ይገባል፤ ከ85 በታች ከበቀለ ዘሩ ያጠራጥራል።

የትኛው ይዘራ የሚለውን በመጀመሪያ የሚወስነው የዝናቡ ርዝመት ነው። ቢኤች 660 ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል። በባኮ፣ በጅማ ወይም በምዕራብ ጎጃም ዝናቡ ይህን ያህል ሊያደርሰው ይችላል፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ሲወጣ፣ በቆሎው ውኃ አጥብቆ በሚሻበት በአበባው ጊዜ ይደርቃል። እዚያ በ130 ቀን ገደማ የሚደርሰው መልካሳ 2 ወይም ከእርሱም የሚቀድመው መልካሳ 1 የተሻለ ዋስትና አለው። ለቆላ የተዘጋጁ ዲቃሎችም ስላሉ ነገሩ ዲቃላ ለደጋ፣ በነፃ የሚዳቀል ለቆላ ተብሎ የሚዘጋ አይደለም። ሁለተኛው ጉዳይ ማዳበሪያ ነው፤ ዲቃላው ትርፉን የሚሰጠው በቂ ናይትሮጂን ሲያገኝ ስለሆነ፣ ዘሩን ገዝቶ ዩሪያ መግዛት የማይችል ገበሬ የከፈለበትን ላያገኝ ይችላል። በእኔ አስተያየት ገንዘብ ያጠረው ሰው የዲቃላውን ምርት መልሶ ከሚዘራ፣ በነፃ የሚዳቀል ዝርያ ንጹሕ ዘር ገዝቶ ቢዘራ ይሻለዋል።

ልውጠ ሕያው ዘር የሚመልሰው ከዚህ የተለየ ጥያቄ ነው። በብዛት የሚታወቀው «ቢቲ» የሚባለው ሲሆን፣ ባሲለስ ቱሪንጊየንሲስ ከተባለ የአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ተክሉ አባጨጓሬን የሚገድል ፕሮቲን እንዲሠራ ያደርገዋል። በኢትዮጵያ የቢቲ ጥጥ በ2018 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል፤ አገዳ ቆርቁርንና መጤ ተምችን ለመቋቋም የተዘጋጀ በቆሎም በተከለለ ቦታ ተሞክሯል። ጥቅሙ ተባዩ ባለበት ቦታና ዓመት ይታያል፤ አቀንጭራን፣ የማዳበሪያ እጥረትን ወይም በጎተራ የሚገባ ነቀዝን አያስታግስም። ተባዩም ይለምደዋል፤ በደቡብ አፍሪካ አገዳ ቆርቁር የቢቲ በቆሎን መቋቋም መጀመሩ በ2007 እ.ኤ.አ. ተዘግቧል። ይህን ለማዘግየት ዘረመሉ የሌለው በቆሎ በማሳው አንድ ክፍል አብሮ እንዲዘራ ይታዘዛል፤ ለጠባብ ማሳ ይህ ራሱ ወጪ ነው። የቢቲ በቆሎው ዲቃላ ከሆነ ደግሞ እንደ ማንኛውም ዲቃላ በየዓመቱ ይገዛል፤ ብናኙም በነፋስ ስለሚሄድ፣ አጠገቡ በነፃ የሚዳቀል ዝርያ ዘርቶ ዘር የሚይዝ ጎረቤት ሳይፈልግ ዘረመሉን ሊቀበል ይችላል።