ብሪጅድ እና ናት፦ የቨርቹዋል ማሽን ኔትወርክ አመራረጥ

ቨርቹዋል ማሽን (ቪኤም) ስንከፍት ኔትወርኩ በብዛት የሚያያዘው በሁለት መንገድ ነው፣ በናት ሞድ ወይ በብሪጅድ። ሆስት ኦንሊ እና ኢንተርናል የሚባሉም አሉ፣ እነሱ ግን ለሌላ ጉዳይ ናቸው። ለመምረጥ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ቪኤሙን ከሚያስኬደው ኮምፒውተር ማለትም ከሆስቱ ውጪ ያለ መሳሪያ፣ ስልክም በሉት ሌላ ላፕቶፕ፣ በራሱ ተነሳሽነት ቪኤሙን ማለትም ጌስቱን ማግኘት አለበት ወይ? ካልሆነ ናት ሞድ በቂ ነው።

ቪኤም ከሚከፍቱ ፕሮግራሞች ቪኤምዌር ዎርክስቴሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ነው የወጣው። እዚህ ግን የምንመለከተው ቨርቹዋልቦክስን ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኮዱ ክፍት ሆኖ ለማንም የደረሰ ጥሩ ስራ ስለሆነና ማኑዋሉም ኔትወርኩን በዝርዝር ስለሚያስረዳ።

ቨርቹዋልቦክስ ላይ ምንም ካልነካን ናት ሞድ ነው የምናገኘው። ጌስቱ 10.0.2.15 የሚል አይፒ ይሰጠዋል፣ ጌትዌዩ 10.0.2.2 ይሆናል፣ ወደ ውጪ የሚልከው ነገር ሁሉ የሚወጣው በሆስቱ አይፒ ነው፤ የቤቱ ራውተር ቪኤም መኖሩን እንኳን አያውቅም። ስለዚህ ጌስቱ ኢንተርኔት ይከፍታል፣ አፕዴት ያወርዳል፣ ከውጪ ግን የሚያንኳኳ ሰው በር የለውም። ሁለት ቪኤም ብንከፍት ሁለቱም 10.0.2.15 ይላሉ፣ ይሄ ስህተት አይደለም፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ናት ስላለው ነው፣ በዚሁ ምክንያት እርስ በርሳቸውም አይተያዩም።

ብሪጅድ ላይ ግን ጌስቱ የራሱን ማክ አድሬስ ይዞ ኔትወርኩ ላይ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ይቀርባል፣ አይፒውንም ከራውተሩ ይወስዳል።

አንድ ሁኔታ እንውሰድ። ሆስቱ 192.168.1.20 ነው፣ ጌስቱ ውስጥ ፖርት 80 ላይ ዌብ ሰርቨር አለ፣ ገጹን በዛው ዋይፋይ ላይ ካለ ስልክ ማየት ተፈልጓል። ስልኩ ላይ 10.0.2.15 ቢጻፍ አይከፍትም፣ ምክንያቱም ያ አድሬስ ከቪኤሙ የራሱ ናት ውጪ ለማንም ትርጉም የለውም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ወዲያው ወደ ብሪጅድ ይቀይራል፣ ግን የሚፈለገው አንድ ፖርት ብቻ ከሆነ web የተባለው ቪኤም እየሰራ እያለ ሆስቱ ላይ ይሄን ማዘዝ ይበቃል፦

```
VBoxManage controlvm "web" natpf1 "http,tcp,,8080,,80"
```

ከዛ ስልኩ ላይ 192.168.1.20:8080 ተብሎ ይከፈታል። ከ tcp ቀጥሎ የሆስት አይፒ ቦታው ባዶ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፣ 127.0.0.1 ቢገባበት ኖሮ ከሆስቱ ከራሱ በቀር ማንም አይደርስበትም ነበር። አሁንም እምቢ ካለ ጌስቱ ውስጥ `ss -tln` ብሎ ማየት ነው፤ ሰርቨሩ 127.0.0.1:80 ላይ ብቻ የሚያዳምጥ ከሆነ ችግሩ ኔትወርኩ ጋ አይደለም፣ 0.0.0.0 ላይ እንዲያዳምጥ ይደረጋል። እሱ ደህና ከሆነ የሆስቱ ፋየርዎል 8080ን እየዘጋ ሊሆን ይችላል።

ብሪጅድ ትክክለኛው ምርጫ የሚሆነው ፖርቶቹ ሲበዙ ወይ ጌስቱ በብሮድካስት መታየት ሲኖርበት ነው፣ ለምሳሌ የዲኤችሲፒ ሰርቨር ለሌሎች መሳሪያዎች አይፒ እንዲያድል ከተፈለገ በናት ሞድ አይሆንም። ብሪጅድ ሲመረጥ የትኛው የሆስት ካርድ ላይ እንደታሰረ ማየት ያስፈልጋል፣ ኬብሉ ተነቅሎ በዋይፋይ እየተሰራ ብሪጁ ኬብሉ ላይ ከቀረ ጌስቱ አይፒ አያገኝም፣ ዊንዶውስ ከሆነ በ169.254 የሚጀምር አድሬስ ሲያወጣ በዛ ይታወቃል።

ዋይፋይ ላይ ብሪጅድ ሊያስቸግር ይችላል። አክሰስ ፖይንቱ ከአንድ ከተመዘገበ መሳሪያ የሚጠብቀው አንድ ማክ አድሬስ ነው፣ ሁለተኛ ማክ ከዛው ካርድ ቢመጣ ይጥለዋል። ቨርቹዋልቦክስ የጌስቱን ማክ በሆስቱ ማክ እየቀየረ ያልፈዋል፣ ይሄ ብልህ መፍትሄ ነው፣ በሁሉም ካርድና አክሰስ ፖይንት ላይ ግን እኩል ላይሰራ ይችላል። የመስሪያ ቤት ስዊችም በአንድ ፖርት አንድ ማክ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ብሪጅድ ጌስቱ ብቻ ሳይሆን የሆስቱም መስመር አብሮ ሊዘጋ ይችላል፣ ስለዚህ አስተዳዳሪውን ሳይጠይቁ እዛ መሞከር ጥሩ አይደለም። አንዳንዶች ብሪጅድ በጠቅላላ አደገኛ ነው ይላሉ፤ ጌስቱ የራሱ ፋየርዎል ካለው ግን እንደማንኛውም ኮምፒውተር ነው።

ናት ሞድ ላይ ተደብቆ ብሪጅድ ላይ የሚወጣ ችግርም አለ። አንድ ኡቡንቱ ሰርቨር ክሎን ተደርጎ ሁለቱም ወደ ብሪጅድ ሲቀየሩ፣ ማካቸው የተለያየ ሆኖ እያለ ከራውተሩ አንድ አይፒ ሊወስዱ ይችላሉ፣ ከዛ ኤስኤስኤች አንዴ ወደ አንዱ አንዴ ወደ ሌላው ይሄዳል። ኡቡንቱ ለራውተሩ ራሱን የሚያስተዋውቀው ከ `/etc/machine-id` በሚያወጣው መለያ ስለሆነ ነው፣ ያ ፋይል ደግሞ አብሮ ተቀድቷል። ክሎኑ ላይ ይሄ ታዝዞ ሪስታርት ሲደረግ አዲስ መለያ ይፈጠራል፣ ሁለቱም የየራሳቸውን አይፒ ያገኛሉ፦

```
sudo truncate -s 0 /etc/machine-id
```