ደቂቃ፣ ባለቤትና የሚጠበቅ ውጤት የተጻፈበት አጀንዳ በሰሜን ሸዋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት

አጀንዳ አንድ ስብሰባ የሚያያቸውን ጉዳዮች በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥ ጽሑፍ ነው። እዚህ የሚዳሰሰው ዓይነት ግን ከዚህ አልፎ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ስንት ደቂቃ እንደተመደበለት፣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነና ውይይቱ ሲዘጋ ምን ተወስኖ መገኘት እንዳለበት አስቀድሞ ይጽፋል። በሰሜን ሸዋ ይህ አሠራር በይበልጥ የሚያስፈልገው በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሥራ አመራር ኮሚቴ ውስጥ ነው። የኮሚቴው አባላት ራሳቸው ገበሬዎች በመሆናቸው ብዙ ጊዜ የሚገናኙት እርሻ በማይታረስበት የበዓል ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ሲሆን፣ ያላቸው ጊዜ ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም።

በእነዋሪ ዙሪያ ጥቁር አፈር ላይ ስንዴና ጤፍ ከሚያመርቱ ቀበሌዎች በአንዱ የሚገኝ ማኅበርን እንውሰድ። ኮሚቴው ሰባት አባላት አሉት እንበል፤ አባላቱ 300 ኩንታል ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ጠይቀው የደረሰው 240 ነው። በተለመደው አጻጻፍ አጀንዳው «ስለ ማዳበሪያ መወያየት» ይላል። እንዲህ ያለ ርእስ መጨረሻ የለውም፤ ቃለ ጉባኤውም «ሰፊ ውይይት ተደርጓል» በሚል ይዘጋል፤ ማዳበሪያው ግን መጋዘን ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጻፈው ውጤቱ ነው። «የ60 ኩንታሉ ጉድለት በጎጦች መካከል የሚከፋፈልበት መንገድና ሥርጭቱ የሚጀመርበት ቀን ይወሰናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስብሰባው ሲያልቅ ተፈጸመ ወይም አልተፈጸመም ተብሎ ሊመዘን ይችላል። ውጤቱን በዚህ መልክ ለመጻፍ የሚሞክር ጸሐፊ ርእሱ ውስጥ ሁለት ጉዳይ መደበቁንም ያገኛል፤ ኤንፒኤስ ከዘር ጋር የሚገባ በመሆኑ ዛሬ መወሰን አለበት፣ ሰብሉ ከበቀለ በኋላ የሚጨመረው ዩሪያ ግን ለሚቀጥለው ስብሰባ ሊቆይ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ለእያንዳንዱ አባል ከጠየቀው አራት አምስተኛው እንዲሰጥ ይጸድቃል» ተብሎ ከተጻፈ አጀንዳው ውሳኔውን ራሱ ወስኖታል፤ አባላቱም ለማጽደቅ ብቻ እንደተጠሩ ይሰማቸዋል። የሚጻፈው የሚመለሰው ጥያቄ እንጂ መልሱ አይደለም።

ባለቤት ሲባል ስሙ የተጻፈ አንድ ሰው ነው። «ኮሚቴው» ወይም «የሚመለከተው አካል» ተብሎ ሲጻፍ ማንም ተዘጋጅቶ አይመጣም። በዚህ ምሳሌ ባለቤቱ የግብዓት ሥራውን የሚከታተለው የኮሚቴ አባል ሲሆን፣ ከስብሰባው በፊት የመጋዘኑን ቆጠራና የየጎጡን የጥያቄ ዝርዝር ይዞ እንዲመጣ በአጀንዳው ላይ ይሰፍራል። ውሳኔውን የሚያስፈጽመው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ለምሳሌ የመጋዘን ሠራተኛው፣ ስሙ በቃለ ጉባኤው ላይ ለብቻው ይጻፋል።

ደቂቃው በግምት ሳይሆን በስሌት ይገኛል። ባለቤቱ ቆጠራውን ለማቅረብ 8 ደቂቃ፣ የቀሩት ስድስት አባላት ሦስት ሦስት ደቂቃ ቢናገሩ 18፣ ሐሳቦቹን አጥብቦ ለመወሰንና ውሳኔውን አንብቦ ለማጽናት 14፣ በድምሩ 40 ደቂቃ ይሆናል። ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ለማጽደቅ 10፣ ለመረጃ ብቻ ለሚቀርበው የሂሳብ ሪፖርት 15፣ ለ«ልዩ ልዩ» 10 ቢመደብ ድምሩ 75 ደቂቃ ነው፤ የቀረው 45 ደቂቃ ለመዘግየትና ለመራዘም ይተዋል። ሁለቱንም ሰዓት አፍኖ የሚሞላ አጀንዳ በመጀመሪያው መዘግየት ይፈርሳል። ማዳበሪያው ከሪፖርቱ ቀድሞ መቀመጡም አስፈላጊ ነው፤ ሰው የሚሟላውና አእምሮ ያልደከመው በመጀመሪያው ሰዓት ነውና።

ገደቡ በብዛት የሚጣሰው ሽማግሌ ሲናገሩ ነው። አንድን አባት ንግግራቸውን ማቋረጥ ነውር በመሆኑ ሰብሳቢው ዝም ይላል፤ በዚህም የመጨረሻዎቹ ርእሶች ደቂቃ ያልቃል። የሚሻለው መንገድ አጀንዳው ሲጸድቅ የየአንዳንዱን ደቂቃ ጮክ ብሎ ማንበብና ሰዓቱን የሚይዝ አባል መመደብ ነው፤ «አምስት ደቂቃ ቀርቷል» የሚለው ለቤቱ ሁሉ ስለሚነገር ማንንም ለይቶ አያሳፍርም። ጊዜው ካለቀና ስምምነት ከሌለ ግን፣ በተለይ አንድ ጎጥ ተበድለናል ካለ፣ በደቂቃ አስገድዶ ማስወሰን ስህተት ነው። ያን ጊዜ ሰብሳቢው ከተተወው 45 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚወሰድ ይጠይቃል፤ ይህም ካልበቃ ባለቤቱና የጎጡ ተወካይ የጥያቄ ዝርዝሩን አብረው አጣርተው በተወሰነ ቀን እንዲያቀርቡ ይደረጋል።

የአጀንዳው ጥራት የሚታወቀው ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ሲጽፍ ነው። የሚጠበቀውን ውጤት ገልብጦ «ይወሰናል» የሚለውን «ተወስኗል» በማለት፣ ከሥሩም የተመረጠውን መንገድና ቀኑን በማስፈር መዝጋት ከቻለ ርእሱ በሚገባ ተጽፎ ነበር ማለት ነው፤ ካልቻለ ያው ጉዳይ ከነባለቤቱ ስም በሚቀጥለው አጀንዳ መጀመሪያ ላይ ይመለሳል።